የተዘጋበት ቢሾፕ፦ የስፓስኪና የፊሸር የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሬይኪያቪክ 1972

የቼዝ ክለባችን ለአባላቱ በሚያዘጋጀው ቀጭን መጽሔት ውስጥ አንዲት ቋሚ ገጽ አለችኝ። ሥራዬ ከታወቁ የውድድር ጨዋታዎች አንዱን መርጬ፣ ጨዋታው የዞረበትን እርምጃ ማሳየትና በምትኩ ምን መጫወት ይሻል እንደነበር ማስረዳት ነው። ገጿ የምትይዘው አንድ የቦርድ ሥዕልና ጥቂት አንቀጾችን ብቻ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ከጨዋታው አንዲት ቅጽበት መርጦ በእርሷ ላይ ለመቆም ይገደዳል። ለቅርቡ ዕትም የመረጥኩት የቦሪስ ስፓስኪና የቦቢ ፊሸርን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። የመዞሪያውን ቅጽበት መምረጥም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቼዝ የሚያውቅ ሁሉ ፊሸር በ29ኛው እርምጃ የh2ን ወታደር በቢሾፑ እንደበላና ቢሾፑም እዚያው እንደተዘጋበት ሰምቷል።

ረቂቁን ክለቡ ውስጥ ለንባብ ሳዞረው አንድ አንጋፋ አባላችን፣ «29ኛው ላይ ሁለት የጥያቄ ምልክት አድርግበትና ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ምን የሚወራ ነገር አለ?» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ወረቀቱን ገልብጣ የእርምጃዎቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አየችና፣ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ከተሸነፈ ታዲያ ለምን ሌላ 27 እርምጃ ተጫወተ?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ፈገግ ብለው አለፉት፤ እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ፊሸር ተስፋ በሌለው ቦርድ ላይ ጊዜ የሚያባክን ተጫዋች አልነበረም። በዚያ ቦርድ ላይ የታየው ነገር ካለ፣ ለአባላቱ ሳላስረዳ የማልፍበት ምክንያት አልነበረም።

ምንም የማይታይበት ቦርድ

ጨዋታው የተካሄደው በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ስፓስኪ በነጭ፣ ፊሸር በጥቁር ነበሩ። ፊሸር ወደዚህ ውድድር የመጣው ታይማኖቭንና ላርሰንን እያንዳንዳቸውን 6 ለ 0 አሸንፎ ሲሆን፣ ስፓስኪን ግን ከዚያ በፊት በአንድም ጨዋታ አሸንፎት አያውቅም፤ ከአምስት ግጥሚያዎቻቸው ሦስቱን ተሸንፎ ሁለቱን አቻ ወጥቷል። ይህን የማነሳው በኋላ ስለ ፊሸር ውሳኔ ስናወራ ስለሚጠቅመን ነው።

የጨዋታው መክፈቻና መካከለኛ ክፍል ብዙ አያቆየንም። ንግሥቶቹ በ11ኛውና በ12ኛው እርምጃ ተለዋወጡ፤ ሩኮቹና ፈረሶቹም ተራ በተራ ከቦርዱ ወጡ። ስፓስኪ 29.b5 ሲጫወት ለእያንዳንዳቸው ንጉሥ፣ አንድ ቢሾፕና ስድስት ወታደሮች ቀርተዋል። ቦርዱን ደርድሮ ማየት ለሚፈልግ አባል አቀማመጡ ይህ ነው፤ ተራው የጥቁር ነው፦

```
5k2/pp4pp/3bpp2/1P6/8/P2KP3/5PPP/2B5 b - - 0 29
```

የነጭ ንጉሥ d3፣ ቢሾፑ c1፣ ወታደሮቹ a3፣ b5፣ e3፣ f2፣ g2 እና h2 ላይ ናቸው። የጥቁር ንጉሥ f8፣ ቢሾፑ d6፣ ወታደሮቹ ደግሞ a7፣ b7፣ e6፣ f6፣ g7 እና h7 ላይ ናቸው። ሁለቱም ቢሾፖች በጥቁር ካሬዎች ላይ ይሄዳሉ። ብቻውን ወደ ንግሥትነት የሚሮጥ ወታደር የለም፤ የተጋለጠ ድክመትም የለም። በክለባችን ሁለት መካከለኛ ተጫዋቾች እዚህ ቢደርሱ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ሻይ ሊጠጡ የሚነሱበት ቦርድ ነው።

h2 ላይ የተገኘው ወታደር

ፊሸር ግን 29...Bxh2 ተጫወተ። ቢሾፑ ከd6 ተነስቶ በሰያፉ መስመር h2 ድረስ ወርዶ ወታደሩን በላ። ነጭ በ30.g3 መውጫውን እንደሚዘጋ ጀማሪም ያየዋል፤ ቼዝ መማሪያ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነውና። ስለዚህ ፊሸር g3ን አላየም የሚለው ወሬ የሚታመን አይደለም። ጥያቄው ከg3 በኋላ ምን አስቦ ነበር የሚለው ነው።

```
29...Bxh2 30.g3 h5 31.Ke2 h4 32.Kf3
```

በዚህ መስመር ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ጥቁር h ወታደሩን እየገፋ የሚመጣው ቢሾፑን ለማዳን መሆኑ ነው። ነጭ በg3 ያለው ወታደር h4ን ቢበላ ቢሾፑ የመጣበት ሰያፍ መስመር ይከፈትለትና በሰላም ይወጣል፤ ስለዚህ ስፓስኪ ወታደሩን ሳይነካ ንጉሡን ብቻ ያቀርባል። ሁለተኛው፣ ቢሾፑ ሙሉ በሙሉ አልታሰረም። ወደ g1 የምትወስድ አንዲት የጓሮ በር አለችው፤ ከg1 ደግሞ f2ን ይመታል።

ግሊጎሪችና ካስፓሮቭን የመሰሉ ተንታኞች ፊሸር የተማመነው በዚህች የጓሮ በር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የታሰበው መስመር ይህ ነው፦

```
32...h3 33.Kg4 Bg1 34.Kxh3 Bxf2
```

እዚህ ድረስ ሒሳቡ ለጥቁር ያማረ ነው። ቢሾፑ f2ን በልቷል፤ ቀጥሎ ወደ e1 ወጥቶ ነጻ ይሆናል፤ ጥቁርም አንድ ወታደር አትርፏል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ነጭ 35.Bd2 የምትል ጸጥ ያለች እርምጃ አለችው። የነጩ ቢሾፕ d2 ላይ ሲቀመጥ e1ን ይቆጣጠራል፣ e3ንም ይጠብቃል። g3ን የነጩ ንጉሥ ከh3 ሆኖ ይጠብቀዋል። ጥቁር ወደ g1 ቢመለስ ንጉሡ g2 ላይ ወጥቶ ይይዘዋል። በሩ ሁሉ ተዘጋ፤ ጥቁር ማድረግ የሚችለው ከመያዙ በፊት g3ን ወይም e3ን በልቶ መሞት ብቻ ነው።

አባላት ከዚህ ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ሒሳብ ይዘው ቢሄዱ እመርጣለሁ። የስሌቱ ጉድለት የተፈጠረው መስመሩ በተጋጋለበት ቦታ አይደለም፤ ቼክና መብላት ባበቃበት፣ ሁሉም ነገር የተፈታ በሚመስልበት በ35ኛው እርምጃ ላይ ነው። ሰው ስሌቱን የሚያቆመው «አሁን አመለጥኩ» ባለበት ቦታ ነው፤ ያመለጠው ቁራጭ ቀጥሎ የት እንደሚረግጥ ማየት የሚቀረውም እዚያው ላይ ነው። በጨዋታው ውስጥ ፊሸር h3ን ሳይገፋ 32...Ke7 መጫወቱም እዚያ ደርሶ Bd2ን እንዳያት ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ 33.Kg2 hxg3 34.fxg3 Bxg3 35.Kxg3 ሆነ፤ ጥቁር ቢሾፑን ሰጥቶ በምትኩ በልውውጡ ሁለት ወታደር ብልጫ አገኘ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህን አባባል ለዚህ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ልሰጠው አልፈልግም። ፊሸር እየሮጠ አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት ችግሩ ያለው ከስሌቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ፍጹም አቻ በሆነ ቦርድ ላይ አሸንፋለሁ ብሎ መነሳቱ ላይ ነው። ስፓስኪን አንድም ቀን ያላሸነፈ ሰው፣ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በጥቁር፣ በአቻ መነሳት ሽንፈት መስሎ ይታየው እንደነበር መገመት ይቻላል። ግምት ግን ግምት ነው፤ በገጼ ላይ የማሰፍረው ቦርዱ የሚለውን ነው።

ንጉሡን ወደ መሃል

እንግዲህ የተሻለው አማራጭ ምን ነበር? መልሱ 29...Ke7 ነው። ተንታኞች እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ማንኛውም ጤነኛ እርምጃ አቻ ያወጣል» ብለው ያልፋሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ለክለብ አባል ምንም አይጠቅመውም። አቻ መሆኑን ማወቅና አቻውን መያዝ መቻል የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ Ke7 ለምን በቂ እንደሆነ ካሬ በካሬ ማየት ያስፈልጋል።

ንግሥትና ሩክ በሌለበት ቦርድ ላይ ነጭ ማሸነፍ የሚችለው ንጉሡን ወደ ጥቁር ግዛት አስገብቶ ወታደር መልቀም ከጀመረ ነው። እስቲ ንጉሡ በየት ሊገባ እንደሚችል እንፈልግ። የጥቁር ቢሾፕ d6 ላይ እያለ b4 እና c5 ተዘግተዋል። የe6 ወታደር d5ን እና f5ን ይጠብቃል። የf6 ወታደር e5ን እና g5ን ይጠብቃል። በቀኝ በኩል ዞሮ h5 ቢደርስ g6ን h7 ይጠብቀዋል፤ h6ን g7 ይጠብቀዋል። በግራ በኩል በa4 ዞሮ a5 ቢደርስ a6ን b7፣ b6ን ደግሞ a7 ይጠብቁታል። በዚህ ቦርድ ላይ ለነጭ ንጉሥ የተከፈተ አንድም መግቢያ የለም።

ስለዚህ ጥቁር ምንም ነገር መፍጠር አይጠበቅበትም። ቢሾፑን d6 ላይ ያቆያል፤ ንጉሡን በe7 እና በd7 መካከል ያመላልሳል። የነጩ ቢሾፕ ደግሞ ሥራ አለበት፤ b4 ላይ የነበረው ወታደር ወደ b5 ከሄደ በኋላ የጥቁር ቢሾፕ a3ን ስለሚመታ፣ ነጭ ወይ a3ን ሲጠብቅ ይኖራል፣ ወይም a4ን ገፍቶ ይገላገላል። a4ን ገፍቶ ቢሾፖቹን ሊለዋውጥ ቢመጣ እንኳ የጥቁር ንጉሥ ቅርብ ነው፤ በd6 ላይ ተተክቶ መንገዱን ይዘጋል። Ke7 ከሌሎቹ ጤነኛ እርምጃዎች የሚበልጠው በዚህ ነው። f8 ላይ ያለ ንጉሥ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ልውውጡን ከሩቅ ይመለከታል፤ e7 ላይ ያለው ግን ልውውጡ በተፈጸመ ማግስት በቦታው ነው።

በረቂቁ ላይ አንድ ወጣት አባል «ግን ይህ መቀመጥ ነው እንጂ መጫወት አይደለም» የሚል ማስታወሻ ጽፎበት አገኘሁ። አስተያየቱ ተገቢ ነው። ለማሸነፍ የሚፈልግ ጥቁር ከKe7 በኋላም ሊሞክር ይችላል፤ e5ን ገፍቶ በመሃል ቦታ ሊይዝ፣ በቀኝ በኩል ወታደሮቹን ሊያንቀሳቅስ፣ ተጋጣሚው እንዲሳሳት ሊጠብቅ ይችላል። ልዩነቱ እነዚህ ሙከራዎች ባይሳኩ አቻው ከእጁ የማይወጣ መሆኑ ነው። 29...Bxh2 ግን ባይሳካ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ቢሾፑ ከሞተ በኋላ

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንምጣ። ከ35.Kxg3 በኋላ ነጭ ንጉሥ፣ ቢሾፕና ሦስት ወታደሮች አሉት፤ ወታደሮቹ a3፣ b5 እና e3 ላይ ናቸው። ጥቁር ንጉሥና አምስት ወታደሮች አሉት። በተለመደው ሒሳብ ቢሾፕ ከሦስት ወታደር ጋር ስለሚመዘን፣ ሁለት ወታደር ብቻ የያዘው ጥቁር ተሸናፊ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ይህ ቦርድ አንድ የተለየ ጠባይ አለው።

የነጩ ቢሾፕ በጥቁር ካሬዎች ላይ ነው የሚሄደው። a8 ግን ነጭ ካሬ ነው። የቼዝ ተጫዋች ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ንጉሥ፣ ቢሾፕና አንድ የጠርዝ ወታደር ብቻ ያሉት ተጫዋች፣ ቢሾፑ የንግሥትነቱን ካሬ ካልተቆጣጠረና ተከላካዩ ንጉሥ ጥጉ ላይ ከደረሰ ማሸነፍ አይችልም። ስለዚህ ጥቁር በግራ በኩል b ወታደሮቹን ማለዋወጥ ቢችልና በመሃል e3ን ማስወገድ ቢችል፣ ነጭ የሚቀረው በa መስመር ላይ ያለ ወታደርና የማይጠቅመው ቢሾፕ ነው። የተሟላ ቢሾፕ በትርፍ ይዞ አቻ መውጣት ማለት ነው። ፊሸር መጫወቱን የቀጠለው ለዚህ ነው፤ ተንታኞችም በኋላ እንዳሳዩት ጥቁር እስከ 40ኛው እርምጃ ድረስ አቻ የሚያወጣበት መንገድ ነበረው።

ጨዋታው 35...Kd6 36.a4 Kd5 37.Ba3 Ke4 38.Bc5 a6 39.b6 ብሎ ቀጠለ። እዚህ ላይ ቆም ብለን የነጩን ቢሾፕ እንየው። c5 ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰያፍ መስመር ላይ ሁለት ጥበቃ ይዟል፤ ወደ ግራ b6ን፣ ወደ ቀኝ e3ን። የጥቁር ንጉሥ e4 ላይ ሆኖ e3ን ይመታል። ነጭ ጫና ለማድረግ ንጉሡን ወደ ጥቁር ወታደሮች ማስገባት አለበት፤ በዚህ ጊዜ f6 ላይ ያለው ወታደር g5ን ጠብቆ በሩን ዘግቶበታል።

ፊሸር ግን 39...f5 ተጫወተ። ወታደሩ ወደፊት ሲሄድ g5ን መጠበቅ አቆመ፤ ስፓስኪም ወዲያውኑ 40.Kh4 ብሎ ወደተከፈተው በር ተጠጋ። ቀጥሎ የመጣው 40...f4 ነው፤ በእኔ ገጽ ላይ ትልቁን ምልክት የሚይዘው ይህ ነው።

ይህ እርምጃ በመጀመሪያ እይታ ትክክል መምሰሉ ነው የሚያስገርመኝ። ደካማው ወገን ወታደሮችን ይለዋውጥ የሚል ሕግ ለጀማሪ ሁሉ እናስተምራለን፤ ጥቁር ደግሞ e3ን ማስወገድ እንደሚፈልግ ከላይ ተናግረናል። 41.exf4 Kxf4 ሲሆን e3 ጠፋ። ታዲያ ምን ተበላሸ? የተበላሸው የነጩ ቢሾፕ አርፎ መቀመጡ ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ነገር ሲጠብቅ ነበር፤ አሁን b6ን ብቻ እየጠበቀ በመስመሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳሻው ይመላለሳል። በአንድ ላም ሁለት ቤት ሲመግብ የነበረ ገበሬ አንዱ ቤት ከላዩ ላይ ሲወርድለት ማለት ነው። ጥቁር የተጋጣሚውን ሸክም በገዛ እጁ አቀለለለት።

በኋላ የወጣው ትንታኔ የሚያመለክተው 40...Kd5ን ነው። ንጉሡ ከe4 ወደ d5 ሲመለስ ቢሾፑን በቀጥታ ይመታዋል፤ e3 ደግሞ በቦታው ስላለ ቢሾፑ ሁለቱንም ጥበቃ ይዞ የሚቆምበት ካሬ ይጠበዋል። እርምጃው ለዓይን ማፈግፈግ ይመስላል፤ ሰው ደግሞ በውድድር ሰዓት መጨረሻ፣ 40ኛው እርምጃ ላይ፣ መሃል ላይ ያደረሰውን ንጉሥ ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ይህን በሰላም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ለእኔ ቀላል ነው።

ጨዋታው ከ40ኛው እርምጃ በኋላ ለማግስቱ ተላለፈ። ሲቀጥል የስፓስኪ ንጉሥ 42.Kh5 ብሎ ከጥቁር ወታደሮች ጎን ገባ፤ ቢሾፑም የጥቁርን ንጉሥ ካሬ በካሬ እየነጠቀ ወደ ኋላ ገፋው። ቀሪው የአሠራር ጉዳይ ነበር።

ምልክቱ የት ይቀመጥ?

ገጹን ስጽፍ ያስቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። መዞሪያ ማለት ውጤቱ የተለወጠበት እርምጃ ከሆነ፣ መልሱ 40...f4 ነው፤ ከእርሱ በፊት አቻ፣ ከእርሱ በኋላ ሽንፈት። በዚህ መለኪያ 29...Bxh2 የጥያቄ ምልክት እንኳ አይገባው ይሆናል፤ አቻ የነበረው ቦርድ አቻ እንደሆነ ቀጥሏልና። ሆኖም ይህን ብቻ አትሜ ባወጣ አባላቱን ያሳሳትኩ ይመስለኛል። ከ29ኛው በፊት ጥቁር አቻ ለመውጣት ንጉሡን ማመላለስ ብቻ ይበቃው ነበር። ከ29ኛው በኋላ ግን በጥቂት እርምጃዎች ላይ አንዲት ትክክለኛ መንገድ ብቻ ያለበት ቦርድ ላይ ገባ፤ በዚያ መንገድ ላይ ፊሸር ራሱ ተሳሳተ። አቻ ተብለው የሚጠሩ ሁለት ቦርዶች አንዱ ሰውን አሥር ጊዜ ስህተት ይፈቅድለታል፣ ሌላው አንድ ጊዜ እንኳ አይፈቅድለትም።

ስለዚህ የቦርዱን ሥዕል 29ኛው ላይ አደረግሁ፤ ነጠላ የጥያቄ ምልክትና የ29...Ke7ን ማብራሪያም ከሥሩ አስቀመጥሁ። ሁለት የጥያቄ ምልክት ያደረግሁት 40...f4 ላይ ነው። አንጋፋው አባላችን ተቃወሙ፤ «ቢሾፕ የሰጠ ሰው አንድ ምልክት፣ ወታደር የለወጠ ሰው ሁለት ምልክት?» አሉኝ። ተቃውሟቸው የሚገባኝ ነው፤ ለጀማሪ ሲታይ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ቢሆንም ምልክቶቹ የሚለኩት የተሰጠውን ቁራጭ መጠን ሳይሆን ከእርምጃው በፊትና በኋላ የነበረውን ውጤት ስለሆነ አልቀየርኩትም። በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ 29ኛው እርምጃ ጨዋታውን እንዳላጠፋ፣ ነገር ግን ለማጥፋት አንድ ተጨማሪ ስህተት ብቻ እንዲበቃ እንዳደረገ የሚገልጽ ነው።

ከተማሪዋ ጥያቄ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ፊሸር በመጨረሻ ለምን ቆመ የሚለው ነው። ስፓስኪ 56.Kd6 ሲጫወት በቦርዱ ላይ የቀሩት የነጭ ንጉሥ፣ ቢሾፑ f2 ላይና የb6 ወታደር፤ የጥቁር ንጉሥ b5 ላይ፣ ወታደሮቹ a5 እና b7 ላይ ናቸው። ጥቁር a ወታደሩን ወደ ንግሥትነት የሚያሮጥ ይመስላል፤ ቆጥረን እንየው፦

```
56...a4 57.Kc7 a3 58.Kxb7 a2 59.Bd4
```

ጥቁር አንዲት እርምጃ ቀርታዋለች፤ ግን d4 ላይ ያለው ቢሾፕ በረጅሙ ሰያፍ መስመር a1ን ይጠብቃል፣ ንግሥት የሆነችው ወዲያው ትበላለች። የነጩ ወታደር ደግሞ የሚሮጠው ወደ b8 ነው፤ b8 ጥቁር ካሬ ስለሆነ ቢሾፑ በቀጥታ ያግዘዋል። ጥቁር ሲያልመው የነበረው a8፣ ያ የተሳሳተ ጥግ፣ ከ39.b6 ጀምሮ ከጨዋታው እየወጣ ነበር፤ በመጨረሻ ንግሥት ለመሆን የቀረው ወታደር የa ሳይሆን የb ነው። ይህን መስመር በገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል አስገብቼዋለሁ፤ ደርድሮ ማየት የሚፈልግ አባል 59...Kc4 ብሎ ቢሾፑን ቢመታው፣ ነጭ ቢሾፑን ከዚያው መስመር ሳያወጣ ወደ f6 ወይም ወደ g7 ማራቅ ብቻ እንደሚበቃው ያገኘዋል።